የአባታችሁን ታፔላ ከማውረዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዳቦ ቤት ከወላጆቻችሁ ተረክባችሁ "አዲስ መልክ እንስጠው" የምትሉኝ በዝታችኋል። ዕድሜዬን ታፔላና ማሸጊያ ስሠራ ነው ያሳለፍኩት። ከመልካሙ ሥራዬ ይልቅ አንዱን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

30 ዓመት የሠራ ዳቦ ቤት ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ። ስሙን ቀየርን፣ ታፔላውን በአንድ ሌሊት አወረድን፣ ቤቱን ጥቁር ቀለም ቀባን፣ የዋጋ ዝርዝሩንም በደቃቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልን። ወጣቱ ለኬክ ጎረፈ። የቀኑ ሽያጭ ጨመረ፣ እኛም ተደሰትን። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጋጋሪው "የጠዋቱ ዳቦ እየተረፈ ነው" አለን። ለካ የኬኩ ገቢ የዳቦውን መቀነስ ሸፍኖብን ኖሯል! የሰፈሩን እናቶች ስንጠይቅ "ቤቱ የተሸጠ መስሎን ነው" አሉን። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2 ሰዓት የሚሸጠውን ዳቦ ለብቻው ቁጠሩ። ቢያንስ አንድ ወር፣ የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለይታችሁ። ከለውጡ በኋላ አጠቃላይ ገቢውን ሳይሆን ይህንን ቁጥር ነው የምታዩት።

ከዚያ ባንኮኒው ጋ ቁሙና ጆሯችሁን ስጡ። ሰው ቤታችሁን ማን ብሎ ይጠራዋል? ያን ቤት ንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም "ዛፉ ጋ" ነበር የሚለው። ይህን የሰማሁት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ኋላ ታፔላውን ስናስተካክል የድሮውን ስም በትልቅ የአማርኛ ፊደል መለስነው፣ ዛፉን ከጎኑ ሣልነው፣ ዋጋውንም ወደ ዓይን ትይዩ አወረድነው። የጠዋቱ ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። የተወሰነው ግን ሌላ ቤት ለምዶ ቀርቷል።

ዳቦውን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ታፔላ በቀየራችሁበት ሰሞን ግራሙንም ቅርጹንም ዋጋውንም አትንኩ። ሊጥ ሲጋገር ውሃው ስለሚተን ለ100 ግራም ዳቦ 115 ግራም ገደማ ሊጥ ይመዘናል፤ ይህን ልኬት ጋጋሪው በእጁ ያውቀዋል፣ የ30 ዓመት ደንበኛም በመዳፉ ያውቀዋል። ክቡን ዳቦ ረዘም ብታደርጉት ክብደቱ ሳይቀንስ እንኳ "አሳነሱት" ይባላል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ታፔላ ይሳበባል። የዱቄት ዋጋ አስገድዷችሁ ዋጋ መጨመር ካለባችሁ ከታፔላው ለውጥ በወራት አስቀድሙት፣ ምክንያቱንም በአፋችሁ ንገሯቸው።

ሥራውን ከበዓል ዋዜማ አርቁት። የድፎ ዳቦ ትእዛዝ ሊያስይዝ የመጣ ሰው ቤቱ ጠፍቶት መመለስ የለበትም።

የአዲሱን ታፔላ ንድፍ ለአሥር ነባር ደንበኞች አሳዩ። "ያምራል?" አትበሏቸው፤ ለእናንተ ሲሉ ያምራል ይላሉ። መንገዱን ተሻግራችሁ ያዙትና "ይሄ የማን ቤት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ እንኳ ካመነቱ ወደ ሠሪው መልሱት።