ሩብ ኪሎዋ የት ገባች? ስለ ማስጠናት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ «ማስተማር ራስን ያስተምራል» ሲባል እሰማለሁ። አንተን በእውነት ያስተማረህ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ሒሳብ ማስጠናት ስጀምር የክፍልፋይ ማካፈልን አሳምሬ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛውን ገልብጠህ ታባዛለህ፣ አለቀ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አፋጠጠችኝ። ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር አለን። በግማሽ ግማሽ ኪሎ ብናሽገው ስንት ላስቲክ ይሞላል? ሠራሁላት፦

3/4 ÷ 1/2 = 3/4 × 2/1 = 6/4 = 1½

እሷ በጣቷ ቆጠረች። አንድ ላስቲክ ሞላ፣ ሩብ ኪሎ ተረፈ። «ታዲያ አንድ ከሩብ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ቀመሩን ደገምኩላት። እሷም ጥያቄዋን ደገመችልኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ቤት ገብቼ እውነተኛ ስኳር ሰፈርኩ፤ አትሳቁ። የተረፈችው በኪሎ ስትለካ ሩብ ናት። የተጠየቅነው ግን ስንት ኪሎ ተረፈ ሳይሆን ስንት ላስቲክ ይሞላል ነው። ሩብ ኪሎ የግማሽ ኪሎ ላስቲክን እስከ ግማሹ ትሞላለች። ስለዚህ አንድ ላስቲክ ተኩል። የምናካፍልበት ቁጥር መለኪያችን መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። የመገልበጡም ምክንያት አብሮ ተገለጠልኝ። አንድ ኪሎ ሁለት ላስቲክ ይሞላል፤ ሦስት ሩብ ኪሎ ደግሞ የሁለቱን ሦስት ሩብ። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ እንኳ ይህን አላውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬን ይዤ ድምፄን እየቀዳሁ ለክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። ስናገር ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ ፈተና ላይ ግን ብን ይላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እያነበብክላቸው ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2018 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውታል። ተማሪዎቹ ስለ ድምፅ ሞገድ አጠኑ። ከዚያ ገሚሶቹ ከጭንቅላታቸው አስተማሩ፣ ገሚሶቹ የተጻፈ ይዘው አስተማሩ፣ ሌሎቹ ማንንም ሳያስተምሩ ያስታወሱትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ከጭንቅላታቸው ያስተማሩት ይዘው ካስተማሩት በለጡ። የሚገርመው፣ ያስታወሱትን የጻፉትም እነሱን ያህል አመጡ። ስለዚህ ማስታወሻውን ዘግተህ ቅዳ። የምትንተባተብበት ቦታ ላይ አታቋርጥ፤ ስትጨርስ እሱን ብቻ ከፍተህ እይ። ሰሚ ያጣህ ቀን ባዶ ወረቀት ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ልጄን ላስጠና ስቀመጥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጩኸት ነው። ለስድስተኛ ክፍል አስጠኚ ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋው እንደ ሰፈሩ ነው፤ ጎረቤት ብትጠይቂ ይሻላል። ግን ከመቅጠርሽ በፊት አንድ ማታ ቦታ ተለዋወጡ። እሱ ያስረዳሽ፣ አንቺ ተማሪ ሁኚ። ግማሽን ለሩብ ሲያካፍል ሁለት ይወጣዋል። ያኔ «ስናካፍል እንዴት ይጨምራል?» በይውና ዝም በይ። «ቲቸር እንዲህ ነው ያሉት» ካለሽ ሸምድዷል ማለት ነው። ስኳር ወይም ዳቦ ፍለጋ ከተነሳ ግን እየገባው ነው። ቢሳሳትም ቶሎ አታርሚው፤ ጩኸቱ የሚጀምረው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ያልበሰለ ሰው ሲያስተምር ስህተት ይዘራል። መጀመሪያ ራስ መብሰል አለበት። አትሳሳት።

መልስ፦ ስህተት መዝራቱን አልክድም፤ እኔም ዘርቻለሁ። ለአንድ ልጅ «ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል» ብዬው ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ያንን መንቀል አሳሬን አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ መልሼ ማረጋገጥ የማልችለውን አላስተምርም። የስኳሩን መልስ በግማሽ ሳባዛው፣ 1½ × ½ ተመልሶ ¾ ይሰጠኛል። እስክበስል ልጠብቅ ብል ኖሮ ግን ያቺ ሩብ ኪሎ ዛሬም አትገባኝም ነበር። ማን ይጠይቀኝ ነበር?

ጥያቄ፦ እኔ መኪና ነው የማለማምደው። በፊት ዳገት ላይ ሳላስብ እነሳ ነበር። ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ ማስረዳት ከጀመርኩ ወዲህ ራሴ መኪናውን አጠፋዋለሁ። ይህስ መማር ነው?

መልስ፦ ይቺ እኔ ካልኩት ጋር ትጋጫለች። እግር የለመደውን በቃል ሲያስቡት ይጠፋል፤ ደረጃ ስትወርድ እግርህን እንደመቁጠር ነው። እያወራህ ከምትነዳ መጀመሪያ ዝም ብለህ አሳየው፣ ማብራሪያው መኪናው ከቆመ በኋላ ይሁን።

ያው ጠያቂ፦ ሞክሬዋለሁ። ተማሪው «ምን አደረግክ?» ይለኛል። አሁንም ልናገር ነው።

መልስ፦ እውነትህን ነው። ሌላ አለማማጅ ካለ ይግባበት፤ እኔ ከስኳር አላልፍም።