ቢቱሚናስ ነው የተባለው ከሰል ለምን ፈራረሰ?

ጥያቄ፦ «ለቦይለር የሚሆን የድንጋይ ከሰል ገዛን። ጥቁር ነው። ደጅ ከተከመረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰነጣጥቆ መድቀቅ ጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከክምሩ እንፋሎት ይወጣል። የላብራቶሪው ወረቀት እርጥበት 30፣ አመድ 20፣ ተናኝ 26፣ ቋሚ ካርቦን 24 በመቶ ይላል፤ የሙቀት መጠኑ 12.5 ሜጋ ጁል በኪሎ ነው። ሻጩ ‹ተናኙ 26 ስለሆነ መካከለኛ ቢቱሚናስ ነው› ይለናል። እውነቱን ነው?»

አይደለም ወንድሜ። የገዛችሁት ሊግናይት ነው፣ ማለትም ከቢቱሚናስ በታች ያለ፣ ገና ያልበሰለ ከሰል።

ተናኝ የሚባለው ከሰሉ ሲሞቅ በጋዝ መልክ የሚወጣው ክፍል ነው፤ ቋሚ ካርቦን ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሚነድ ጠጣር ነው። ሻጩ 26ን ያነበበው ውሃውና አመዱ ሳይቀነሱ ነው። ደረጃ የሚወሰነው ግን በሚቃጠለው ክፍል ባህሪ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ከ100 ኪሎ ላይ 30 ውሃ፣ 20 አመድ ስትቀንስ የሚቀርህ 50 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ተናኙ 26 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ተናኝ 52 በመቶ፣ ቋሚ ካርቦኑ 48 በመቶ ይሆናል። መካከለኛ ቢቱሚናስ ለመባል በዚህ ስሌት ቋሚ ካርቦኑ ቢያንስ 69 በመቶ መሆን ነበረበት። ያንተ አጠገቡም አልደረሰም።

ቋሚ ካርቦኑ ከ69 በታች ሲሆን ደረጃውን የሚለየው የሙቀት መጠኑ ነው፤ እዚህ ላይ አመዱን ብቻ ትቀንሳለህ፣ ውሃውን ትተወዋለህ። 12.5ን ለ0.80 ስታካፍል 15.6 ሜጋ ጁል ገደማ ታገኛለህ። በአሜሪካው የኤኤስቲኤም ምደባ ከ19.3 በታች ያለው ሁሉ ሊግናይት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ናሙናው ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ከደረቀ ቁጥሩ ከፍ ይልና ያው ሊግናይት ሰብ ቢቱሚናስ መስሎ ይታያል። ዝናብ የመታው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው ከሰሉ መሬት ውስጥ እያለ የያዘው እርጥበት ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ረግረግ ውስጥ ነው። እፅዋት ውሃ ውስጥ ሲወድቁ ኦክስጅን ስለማይደርሳቸው ሙሉ በሙሉ አይበሰብሱም። በቶሎ የሚበላው ሴሉሎሱ ነው፤ ጠንካራው ሊግኒን ብዙው ይቀርና እየተለወጠ ፒት ይሆናል። ፒት ውሃ የጠገበ ስፖንጅ በለው፣ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አሸዋና ጭቃ ሲጫነው ይጨመቅና ውሃው ይወጣል፣ ሊግናይት ይሆናል። ከዚህ በኋላ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሙቀት ነው። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር በየኪሎሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል፣ ከሰሉም ኦክስጅኑን በውሃና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ፣ ኋላም ሃይድሮጅኑን በሚቴን መልክ እየለቀቀ ካርቦኑ እየበዛ ይሄዳል፤ ሰብ ቢቱሚናስ፣ ቢቱሚናስ፣ በመጨረሻም አንትራሳይት።

የከሰል ደረጃ ማለት እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ የት ድረስ ሄዷል ማለት ነው። ዕድሜ አይደለም። በሞስኮ ዙሪያ ያለው ሊግናይት ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ በጥልቀት ስላልተቀበረና ስላልሞቀ እዚያው ቀረ። የፔንሲልቫኒያው አንትራሳይትም የዚያው የካርቦኒፈረስ ዘመን ነው፣ ግን እጅግ ሞቋል። አመድም ደረጃን አይነግርህም፤ አመዱ በአብዛኛው ረግረጉ ውስጥ ከገባው ጭቃ የመጣ ነው። ብዙ አመድ ያለው ቢቱሚናስም፣ ትንሽ አመድ ያለው ሊግናይትም አለ።

ጥቁር መሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። ያልተለበጠ ሸክላ ላይ ፈትገው፤ የሊግናይት መስመር ቡናማ ነው። ወይም ዱቄቱን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ አፍላው (ጓንትና መነጽር አድርግ)፣ ውሃው ቡናማ ከሆነ ገና ያልበሰለ ከሰል ነው።

መሰንጠቁ ውሃው ሲወጣ ስለሚኮማተር ነው። ሲሰነጠቅ አየር የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ ኦክስጅን እየሳበ ይሞቃል። እንፋሎቱን ቀላል አድርገህ አትየው፣ ክምሩ በራሱ ሊነድ ይችላል። የሞቀውን ክፍል በሎደር አውጥታችሁ በስሱ ዘርጉትና ይቀዝቅዝ፤ ላዩ ላይ ውሃ መርጨት ውስጡን አያደርስም። የቀረውን በቀጫጭን ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ከምሩት፤ የሚያስፈልጋችሁ አየር የማያስገባ ክምር ነው። ዝግ መጋዘን ውስጥ ያለ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚጠራቀም ሳይናፈስና ሳይለካ ማንም አይግባ። ያረጀውን ቀድማችሁ አንድዱ።

ለቀጣዩ ግዢ ናሙናው ከሰሉ ከሚቆፈርበት ግድግዳ ላይ ትኩሱን ተወስዶ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸግ። ውጤቱም ናሙናው ላብራቶሪ ሲደርስ ባለበት ሁኔታና ውሃና አመድ ተቀንሶ፣ በሁለቱም ስሌት ይጻፍላችሁ።