ለማስተርስ የሚለቅ መምህር የመልቀቂያ ደብዳቤውን እንዴት ይጻፍ? ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የግል ትምህርት ቤት መምህራን ጠይቁኝ።

«በትምህርት አመራር ማስተርስ ተቀብለውኛል። ነሐሴ 16 ደብዳቤ አስገብቼ ከነሐሴ 30 ጀምሮ ለቅቄያለሁ ብል ያስኬዳል? ሳቢያን ነው የማስተምረው።»

አያስኬድህም። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አንተ የሰጠኸው 14 ቀን ነው። ቀኑን ሳትሞላ ብትወጣ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትከፍል ትችላለህ። እንዲህ ጻፍ፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለማስገባት። በትምህርት አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመከታተል ስለተመዘገብኩ፣ ይህ ደብዳቤ ገቢ ከሆነበት ቀን አንሥቶ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን በፈቃዴ የምለቅ መሆኑን አሳውቃለሁ። የተማሪዎችን ውጤትና የተረከብኳቸውን መጻሕፍት አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

«እኔ የማውቀው ወር ማለት ወር ነው፤ ከነሐሴ 16 እስከ መስከረም 16። በቃ!»

ማስጠንቀቂያ ማስፈለጉ ላይ ልክ ነህ፣ አቆጣጠሩ ላይ ግን ጳጉሜን ዘለልካት። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 14፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 11፤ ድምሩ 30። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት መስከረም 10 ያልቃል። ምዝገባህ መስከረም መጀመሪያ ከሆነ ነሐሴ 16 ዘግይተሃል፤ ሐምሌ ላይ አስገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መምህር ደብዳቤውን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ በኮሪደር ላይ እጅ በእጅ ሰጠ፤ ወረቀቱ ጠፋ። ቀኑ ከእንደገና ተቆጠረበት። አቦ፣ ሁለት ኮፒ ይዘህ መዝገብ ቤት ግባ፤ ባንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ሳታስደርግ አትውጣ።

«የምለቀው አስተዳደሩ ስለበደለኝም ጭምር ነው። ልጻፈው?»

ሕጉ ምክንያት አይጠይቅሽም። ደብዳቤው ማህደርሽ ውስጥ ይቀራል፤ ነገ ርዕሰ መምህርት ለመሆን ስታመለክቺ ስላንቺ የሚጠየቁት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በደሉ ካለ ለብቻው አቤቱታ ጻፊ።

«እኔ ሐረር የመንግሥት መምህርት ነኝ፤ ይህንኑ ደብዳቤ ልቅዳ?»

አይሆንም እህቴ። አንቺ የምትተዳደሪው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ከመልቀቂያ በፊት ስለ ትምህርት ፈቃድ ጠይቂ፤ ፈቃድ ያገኘ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ የለቀቀ ግን እንደ አዲስ ይቀጠራል።

«ውሌ ላይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይላል። የቱ ይበልጣል?»

እዚህ ላይ የማውቃቸው ጠበቆች ራሳቸው አይስማሙም። እኔ በቦታህ ብሆን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ የተስማማንበትን ቀን በጽሑፍ አስፈርመው ነበር።