ደብተር ተሰብስቦ መጽሐፍ እስኪወጣ የሚበላው ደቂቃ፦ ጥያቄና መልስ

የታችኛው አንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፣ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ስንሻገር ስለሚባክነው ጊዜ። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ 3ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ 48 ልጆች አሉኝ። ሒሳብ ጨርሰን ንባብ እስክንጀምር ሰባት ስምንት ደቂቃ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ግን አይገባኝም።

መጀመሪያ ምንም አትቀይሪ። አንድ ቀን ብቻ ሰዓትሽን እያየሽ ታዘቢ። «ደብተር መልሱ» ካልሽ በኋላ የመጀመሪያው ልጅ መቼ ተዘጋጀ? የመጨረሻውስ? የመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ተዘጋጅቶ የመጨረሻው ሰባት ደቂቃ ከፈጀበት ልጆቹ ዘገምተኛ ስለሆኑ አይደለም፣ የሆነ ቦታ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። በ48 ልጅ ደግሞ ሰልፉ አብዛኛውን ጊዜ የመምህሯ ጠረጴዛ ጋ ነው። እያንዳንዱ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ለማስቀመጥ አምስት ሰከንድ ቢወስድ አራት ደቂቃ ሄደ ማለት ነው፣ መገፋፋቱ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ደብተሩ ይሂድ፣ ልጁ ይቀመጥ። በየረድፉ ደብተር ከእጅ እጅ ወደ ዳር ይተላለፋል፣ ዳር ላይ ያለው ይደራርባል፣ አንድ አለቃ ዞሮ ይሰበስባል። መጽሐፍ የሚታደለው ደብተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካስኬድሻቸው መሀል ላይ ይጋጫሉ፣ ወለሉም በደብተር ይሞላል።

ሌላው የገጹ ነገር ነው። ልጆቹ የመጨረሻውን የሒሳብ ጥያቄ እየሠሩ ሳለ አንቺ የንባቡን ገጽ ሰሌዳው ላይ ጻፊ። ካልሆነ «ቲቸር፣ ገጽ ስንት ነው?» የሚለውን ስትመልሺ ትውያለሽ። ከገጹ ሥር ያላንቺ እርዳታ የሚሠራ ነገር አስቀምጪ፣ ለምሳሌ «ሥዕሉን እዩና ታሪኩ ስለ ምን እንደሚሆን ለጎናችሁ ልጅ ንገሩ»። ቶሎ የጨረሰው ልጅ ወዲያው ይጀምራል። ክፍል የሚረብሸው ብዙውን ጊዜ ያ ቶሎ ጨርሶ ሥራ የፈታው ልጅ ነው፣ የዘገየው አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው። «አቁሙ» ስል ማንም አይሰማኝም። ጭብጨባ አስለምጄ ነበር፣ ትንሽ ሠርቶ ተወው።

ጭብጨባው ምንም አልሆነም፣ ከጭብጨባው በኋላ የምታደርገው ነው ያበላሸው። ግማሹ ዝም ሲል መናገር ጀምረህ ይሆናል፣ ልጆቹም እያወሩ መስማት እንደሚቻል ተማሩ። አጨብጭበህ ዝም በል። ሁሉም እስኪያይህ ጠብቅ። የቀረውን አንድ ልጅ ስሙን ቀስ ብለህ ጥራው፣ አትጩህ። መጀመሪያ ረጅም መስሎ ይታይሃል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ያጥራል።

ሌላም አለ። «መጽሐፋችሁን...» የሚል ቃል ከአፍህ እንደወጣ ዴስክ መንኳኳት ይጀምራል፣ የቀረው ንግግርህ ገደል ይገባል። ስለዚህ ቅድሚያ «ሂዱ እስክል ማንም አይነሳም» በል። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ፦ ምን እንደሚያስቀምጡ፣ ምን እንደሚያወጡ፣ በምን እንደሚጀምሩ። አንድ ልጅ ይድገመውና «ሂዱ»።

ሌላ አባል፦ ለምን ታወሳስቡታላችሁ? እኔ ስም እየጠራሁ አንድ በአንድ ነው የማስነሳቸው። ክፍሉ ፀጥ ይላል፣ አለቀ።

ፀጥታውን አልክድም፣ ግፊያም የለም። ግን የቀሩት ልጆች ያን ሁሉ ጊዜ ምን እየሠሩ ነው? ጄኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የክፍል ውሎ በቪዲዮ እየቀረጸ አጥንቶ በ1970 ካሳተማቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነው፦ በቡድን ሊሠራ የሚችለውን በተናጠል ማሠራት የትምህርቱን ፍሰት ይሰብራል። በረድፍ አስነሺያቸው። አንድ በአንድ የሚያስኬደው ጠባብ ቦታ ሲኖር ነው፣ እንደ እጅ መታጠቢያ ያለ።

ኩኒን ያየው ሌላም የሁላችን ጠባይ አለ። ሒሳብ ተዘግቶ፣ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ «ቆይ ቆይ፣ 4ኛውን ጥያቄ ስንቶቻችሁ አገኛችሁት?» እንላለን። በቃ፣ የግማሹ ክፍል ጭንቅላት ወደ ሒሳብ ተመለሰ። ከረሳሽው ነገ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ 1ኛ ክፍል እየተሸጋገረ ነው። ሽግግሩ እንዳይከብደው ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

እናቴ፣ እዚህ የምናወራው በአንድ ቀን ውስጥ ከሥራ ወደ ሥራ ስለመሻገር ነው፣ የእርስዎ ሰፋ ያለ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ግን ልበልዎት፦ ቦርሳውን ራሱ ከፍቶ እንዲዘጋ ያለማምዱት። ክፍሉ በሙሉ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ጊዜ ከዚፕ ጋር የሚታገለው ነው።

ጥያቄ፦ ሥዕል ከጀመረ «አቁም» ሲባል የሚያለቅስ ልጅ አለኝ። ሌሎቹ ይጠብቁታል።

አትጠብቁት፣ ክፍሉ ይቀጥል። እሱን ግን ከሌሎቹ ቀድመሽ ጠጋ ብለሽ ንገሪው። «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል» ለሰባት ዓመት ልጅ ብዙም ትርጉም የለውም። «የዛፉን ቅጠል ጨርስና እናስቀምጠዋለን» ስትዪው ግን ማለቂያው በዓይኑ ይታየዋል። ያላለቀው ሥዕል የሚቀመጥበት የታወቀ ቦታ ይኑረው፣ መቼ እንደሚመለስበትም ንገሪው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። የቀኑ ሥራ በሥዕል ተሠርቶ ዴስኩ ላይ ቢለጠፍለትም ይረዳዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልቅሶው ካልቀነሰ ከወላጆቹ ጋር ተነጋገሪ፣ ከሽግግሩ በላይ የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ረድፎቹን አወዳደርኳቸው። ፈጥነዋል፣ ግን የዘገየው ልጅ ላይ ይጮሁበታል። ልተወው?

እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ይሁን፦ ትናንት ሦስት ደቂቃ የፈጀብን ዛሬ ስንት ይፈጃል? ተሸናፊ ረድፍ የለም።

ሌላ አባል፦ እኔ ጋ የረድፍ ውድድር ዓመቱን ሙሉ ሠርቷል፣ የሚጮህ የለም። በየሳምንቱ የረድፎቹን ልጆች እቀያይራለሁ።

መቀያየሩ ጥሩ ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። ሆኖም የመጨረሻው ልጅ ሁሌ አንድ ልጅ ከሆነ የትም ብታዘዋውረው ጣጣውን ይዞ ነው የሚሄደው። በዚህ አንስማማም መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለማለማመድ ጊዜው ከየት ይመጣል? ትምህርቱ ራሱ አልደርስ ብሎኛል።

ከትምህርቱ ጋር ስለምትቀላቅለው ነው ረጅም የሚመስልህ። ባዶውን አለማምዳቸው። ትምህርት የለም፣ ደብተር ማስተላለፍ ብቻ። ሲሳሳቱ አስቁም፣ «ከሦስተኛው ረድፍ እንደገና» በልና ድገሙት። አንዴ አሥር ደቂቃ፣ በማግስቱ አምስት። ከዚያ በየቀኑ ከአምስት ሽግግር ሦስት ሦስት ደቂቃ ብታተርፍ እንኳ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ያጠፋኸው በአንድ ቀን ይመለሳል። ከረጅም እረፍት ሲመለሱ ግን ይረሱታል፣ አንድ ዙር ድገም።

ጥያቄ፦ ከጨዋታ ሲመለሱስ? አልበው፣ ተጣልተው፣ አንዱ ሌላውን እየከሰሰ ነው የሚገቡት።

በር ላይ ቁሚ። ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ ከጠበቅሻቸው ጩኸቱን ይዘውት ይገባሉ። በጥቂት በጥቂት አስገቢያቸው፣ ሰሌዳው ላይ አጭርና ቀላል የሚጻፍ ነገር ይጠብቃቸው። ክስ ያለበት ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፈው ወይም ይሳለውና ለአንቺ ይስጥሽ፣ በኋላ ታይዋለሽ። ብዙዎቹ እስክታይው ድረስ ራሳቸው ይረሱታል። በእውነት የተመታ ወይም የተጎዳ ልጅ ካለ ግን ደቂቃው ይጥፋ፣ እሱን ቅድሚያ ስጪው። ወረቀቱ ለ1ኛ ክፍል ልጆች ይሠራ እንደሆነ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ጋ መሳሉ ራሱ ሌላ ጨዋታ እየሆነ አስቸግሮኛል።