በሁለት ቋንቋ የሚሠራ ካሩሰል፦ የትኛው ይምራ?

«በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ካሩሰል፣ ማለትም እየተገፉ የሚታዩ ተከታታይ ምስሎች፣ ስሠራ እያንዳንዱን ስላይድ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እጽፋለሁ፤ ግን ይጨናነቅብኛል። የትኛውን ላስቀድም?»

ተከታዮችዎ አስተያየትና ጥያቄ የሚጽፉልዎት በአብዛኛው በአማርኛ ከሆነ አማርኛው ይምራ፤ አንዴ ከመረጡ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ስላይድ አይቀያይሩት፤ ምክንያቱም ቦታቸው በተለዋወጠ ቁጥር አንባቢው ከየት እንደሚጀምር እንደገና መፈለግ ይኖርበታል።

የሚያጨናንቀው ሙሉው ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። ስለ ሱፍ ልብስ አጠባ የሚናገር ስላይድ ቢኖርዎት፣ «በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፤ ሳይጠመዝዙ ዘርግተው ያድርቁት» የሚለውን በአማርኛ በ48 መጠን ይጻፉና፣ ከሥሩ «ቀዝቃዛ ውሃ» የሚለውን ብቻ በእንግሊዝኛ፣ በ28 መጠንና በፈዘዝ ያለ ቀለም ያስቀምጡ። ሙሉው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከምስሉ ውጪ፣ ካፕሽኑ ውስጥ ይግባ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ እንግሊዝኛው በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ከተጻፈ በመጠን ቢያንስ እንኳ ዐይን ይስባል። ስለዚህ በትንንሾቹ ይጻፉት፤ ከዚያም ስላይዱን በስልክ ላይ ክንድዎን ዘርግተው ይመልከቱት። ዐይንዎ መጀመሪያ ያረፈው እንግሊዝኛው ላይ ከሆነ አሁንም ጎልቷል ማለት ነው።

ዝርዝሩ በሁለቱም ቋንቋ የግድ በምስሉ ላይ መታየት ካለበት ግን ሁለት የተለያዩ ካሩሰሎች ይሥሩ።