ግራፉ መንገዱ አይደለም፦ ስለ ጀልባዋ ጉዞ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ዛሬ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁኝ። ግን ሁላችንም አንድ የቬሎሲቲ-ታይም ግራፍ ይዘን እናውራ፤ ቁሙ ቬሎሲቲ፣ ማለትም ፍጥነት ከነአቅጣጫው፣ አግድሙ ሰከንድ ነው። አለበለዚያ እያንዳንዱ የራሱን እያሰበ አንግባባም።

ባሕር ዳር ወደብ ላይ የቆመች የሞተር ጀልባ አለች። ወደ ዘጌ የሚወስደውን አቅጣጫ ፖዘቲቭ እንበለው። ከዜሮ ተነስታ በ20 ሰከንድ ውስጥ 6 ሜትር በሰከንድ ደረሰች። እስከ 60ኛው ሰከንድ በዚያው ሄደች። ያኔ አንድ ተሳፋሪ ቦርሳውን ወደቡ ላይ እንደረሳ ተናገረ። ካፒቴኑ ሞተሩን ወደ ኋላ አደረገው። መስመሩ ከ60 እስከ 90ኛው ሰከንድ ከ6 ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኔጌቲቭ 3 ወረደ። እስከ 195ኛው ሰከንድ እዚያው ቆየ። ከዚያ በ20 ሰከንድ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ 215ኛው ሰከንድ ላይ ጀልባዋ ቆመች።

ይህንን ወረቀት ላይ ሳሉት። ሳትስሉ አትጠይቁ። ሌላው ደግሞ፣ ምንም ከማለታችሁ በፊት የቁሙ መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። ቬሎሲቲ ነው ወይስ ፖዚሽን? ዛሬ ይህንን ደጋግሜ እላለሁ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ፦ ቲቸር፣ 60ኛው ሰከንድ ላይ መስመሩ መውረድ ሲጀምር ጀልባዋ ወደ ባሕር ዳር መመለስ ጀመረች ማለት ነው?

መምህሩ፦ አልጀመረችም። ገና ወደ ዘጌ እየሄደች ነው። 70ኛው ሰከንድ ላይ ጣትህን አድርግና ወደ ግራ አንብብ፤ 3 ነው፣ ፖዘቲቭ 3። ፍጥነቷ ቀነሰ እንጂ አቅጣጫዋ አልተለወጠም። የምትመለሰው መስመሩ ዜሮን ሲያቋርጥ ነው፤ እሱም 80ኛው ሰከንድ ላይ ነው።

ይህንን ግራፍ ሰሌዳ ላይ በሳልኩ ቁጥር «ወጣች፣ ከዚያ ወረደች» የሚል ተማሪ አላጣም። ዓይኑ መስመሩን እንደ መንገድ ያየዋል። መንገድ አይደለም። አቅጣጫ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ መስመሩ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች? ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዘንበሉ ስለ አክስለሬሽን ነው የሚነግርህ።

እሱንም እናስላ። ከ60 እስከ 90 ባለው ጊዜ ቬሎሲቲው ከ6 ወደ ኔጌቲቭ 3 ሄደ። ለውጡ ኔጌቲቭ 9 ነው። ለ30 ሰከንድ ስናካፍለው ኔጌቲቭ 0.3 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በል፤ 80ኛው ሰከንድ ላይ ቬሎሲቲው ዜሮ ቢሆንም መስመሩ አልተሰበረም፣ ስሎፑ፣ ማለትም የመስመሩ ማዘንበል፣ ያው ነው። ጀልባዋ ለቅጽበት ቆማለች፣ አክስለሬሽኗ ግን አሁንም ኔጌቲቭ 0.3 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። አክስለሬሽኗም ዜሮ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆማ ትቀር ነበር።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ልጨምርለት ቲቸር። በአጭሩ አክስለሬሽን ኔጌቲቭ ከሆነ ፍጥነት እየቀነሰ ነው። ይህን ያዝ ወንድሜ፣ ይበቃሃል።

መምህሩ፦ አይበቃውም። ከ60 እስከ 80 ልክ ነህ። ከ80 እስከ 90ስ? አክስለሬሽኑ ያው ኔጌቲቭ 0.3 ነው፤ ጀልባዋ ግን ወደ ኋላ ፍጥነት እየጨመረች ነው። ከ195 እስከ 215 ደግሞ ተቃራኒውን ታያለህ። ስሎፑ ፖዘቲቭ 0.15 ነው፣ ጀልባዋ ግን ወደቡ ጋ ለመቆም እየቀነሰች ነው። ሁለቱን ምልክቶች አስተያይ። ቬሎሲቲና አክስለሬሽን አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ትፈጥናለች፤ ከተለያዩ ትቀንሳለች።

ከዘጌ፦ ይቅርታ፣ እኔ ጀልባ ላይ ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለ ጉዞ አላየሁም። ካፒቴን ወደ ወደብ ሲመለስ ጀልባዋን ያዞራታል እንጂ ይህን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ አይነዳም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ምን ለውጥ አለው? ያው ተመለሰች።

ከዘጌ፦ አለው እንጂ። ስትዞር አትቆምም። ጥምዝ ይዛ ነው የምትዞረው። ታዲያ ዜሮው የት አለ?

መምህሩ፦ የዘጌው ወንድማችን ጥሩ ነገር አነሳ። የኛ ግራፍ የሚሠራው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ለሚሄድ ነገር ነው። ጀልባዋ ጥምዝ ይዛ ከዞረች ግራፋችን የሚያሳየው ከወደብ ወደ ዘጌ ባለው መስመር ላይ ያለውን ድርሻ ብቻ ነው። እሱ ድርሻ ዜሮን ያቋርጣል፣ ጀልባዋ ግን በዚያ ቅጽበት ወደ ጎን እየሄደች ነው። ለዛሬ ግን ወደ ኋላ ነዳት እንበልና እንቀጥል።

አንዲት እናት፦ ልጄን እያስጠናሁ ነው። ደብተሩ ላይ በቬሎሲቲው መስመርና በዜሮ መካከል ያለው ኤሪያ ርቀት ነው ይላል። ኤሪያ በሜትር ስኩዌር አይደል እንዴ የሚለካው? እንዴት ርቀት ይሆናል?

መምህሩ፦ እሜቴ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ተማሪ አፍሮ ሳይጠይቅ ያልፈዋል። የቦታ ስፋት በሜትር ስኩዌር የሚሆነው ርዝመቱም ወርዱም በሜትር ስለሆነ ነው። እዚህ ግን የአራት ማዕዘኑ ቁመት ሜትር በሰከንድ ነው፣ አግድሙ ደግሞ ሰከንድ ነው። ሲባዙ ሰከንዱ ይጣፋል፣ ሜትር ይቀራል።

ለልጁ ከ20 እስከ 60 ያለውን ያሳዩት። ጀልባዋ በእያንዳንዱ ሰከንድ 6 ሜትር ትሄዳለች። በደብተሩ ላይ አንድ ሰከንድ ስፋት፣ 6 ቁመት ያለው ቀጭን ዘንግ ይሳል፤ ያ ዘንግ 6 ሜትር ነው። እንዲህ ያሉ 40 ዘንጎች ጎን ለጎን ሲቆሙ 240 ሜትር ሆኑ። መስመሩ በሚያዘነብልበት ቦታም ያው ነው፣ የዘንጎቹ ቁመት ብቻ ይለያያል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው 20 ሰከንድ ግማሽ ሆኖ የሚወጣው፦ የ20 እና የ6 ብዜት ግማሽ፣ 60 ሜትር።

የማታ ተማሪ፦ እኔ ጠቅላላ ዲስፕሌስመንቱ 720 ሜትር መጣልኝ። ልክ ነው?

መምህሩ፦ 720 የተጓዘችው ርቀት ነው፤ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው። ከዜሮ በላይ ያለው 60፣ 240፣ ከዚያም ከ60 እስከ 80 ያለው ሦስት ማዕዘን 60፣ በጠቅላላው 360 ሜትር። ከዜሮ በታች ያለው 15፣ 315 እና 30፣ እሱም 360። ጀልባዋ የተነሳችበት ወደብ ተመልሳለች። ከዜሮ በታች ያለውን ኤሪያ ትቀንሰዋለህ እንጂ አትደምረውም። ርቀት ሲባል ብቻ ምልክቱን ትተህ ትደምራለህ። ፈተና ላይ የትኛውን እንደጠየቁህ አንብብ።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔም ልሞክር። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሳልፍ 36 ላይ ይዤ በ38 ሰከንድ ተሻገርኩ። 36 በ38 ሲባዛ 1,368 ሆነ። ድልድዩ ግን 380 ሜትር ነው አሉ። ኤሪያው አይሠራም ማለት ነው?

መምህሩ፦ ይሠራል። ያንተ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ 38ቱ ደግሞ ሰከንድ። ለ3.6 አካፍለው፣ 10 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 10 በ38፣ 380 ሜትር። ለዚህ ነው የሁለቱንም መስመር ጽሑፍ አንብቡ የምለው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቲቸር፣ ግራፉ ሲወርድ ጀልባዋ እየተመለሰች ነው አይደል?

መምህሩ፦ ከላይ መልሼዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ፊዚክስ ግን እንዴት ነው የሚጠናው?

መምህሩ፦ ግራፉን ሳልከው? ካልሳልከው እሱን ሳልና ተመለስ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ ይህንኑ ጉዞ ወደ ፖዚሽን-ታይም ስቀይረው ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆኑ። ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ጓደኛዬ ግን ስህተት ነው አለችኝ።

መምህሩ፦ ጓደኛሽ ልክ ናት። አሁን የቁሙ መስመር ፖዚሽን ሆኗል፤ ስለዚህ ስሎፑ ቬሎሲቲ ነው። ቬሎሲቲው እየተለወጠ ባለበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሊኖር አይችልም።

መጀመሪያ በየትኛው ሰከንድ የት እንዳለች ነጥብ አድርጊ። 20ኛው ሰከንድ ላይ 60 ሜትር፣ 60ኛው ላይ 300፣ 80ኛው ላይ 360፣ 90ኛው ላይ 345፣ 195ኛው ላይ 30፣ 215ኛው ላይ ዜሮ። እነዚህ ቁጥሮች ያው እየደመርን የመጣነው ኤሪያ ናቸው። አሁን አገናኛቸው። ከ0 እስከ 20 ተኝቶ ተነስቶ እየቆመ የሚሄድ ጥምዝ ነው። ከ20 እስከ 60 ቀጥ ያለ፤ ስሎፑን አይተሽ አረጋግጪ፣ 240 ሲካፈል ለ40፣ 6። ከዚያ ጥምዙ እየተኛ ሄዶ 80ኛው ሰከንድ ላይ ጫፉ ጋ ፍጹም ይተኛል፣ ከዚያ ቁልቁል ይታጠፋል። ከ90 እስከ 195 ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ተኝቶ ወደ ዜሮ ይገባል።

ሥራሽን የምትፈትሺው እንዲህ ነው፦ ግራፉ ላይ ሹል ማዕዘን ፈልጊ። ካገኘሽ ጀልባዋ በዚያ ቅጽበት ፍጥነቷን በድንገት ቀይራለች ማለት ነው። የኛ ጀልባ አንድም ቦታ ላይ እንዲህ አላደረገችም። ያንቺ ጫፍ 80ኛው ሰከንድ ላይ ሹል ከሆነ ጀልባዋ ከግንብ ጋር ተጋጭታ የነጠረች ትመስላለች።

እዚህኛው ግራፍ ላይ መውረድ መመለስ *ነው*። በቬሎሲቲው ላይ አልነበረም። አንድ ዓይነት ቁልቁለት፣ ሁለት ትርጉም። ለዚህ ነው የቁሙን መስመር አንብቡ እያልኩ የማሰለቻችሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ የፖዚሽን-ታይሙ ኤሪያስ ምን ይሰጣል?

መምህሩ፦ ለዚህ ትምህርት የሚጠቅም ምንም። አታስላው።

የምህንድስና ተማሪ፦ እኔ እውነተኛ ጉዞ ለካሁ። ጀልባ ላይ ሆኜ ስልኬ በየሰከንዱ ቦታዬን መዘገበ። ከቦታው ቬሎሲቲ ሳወጣ አንዱ ሰከንድ 9 ሜትር በሰከንድ፣ ቀጣዩ 2 ይላል። አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ 7 ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መምህሩ፦ ኔጌቲቭ 7 ቢሆን ኖሮ የቆመ ሰው ሁሉ ወድቆ ነበር። ስልክህ ቦታህን ጥቂት ሜትር ይስታል። 3 ሜትር ስቶ አንተ ለ1 ሰከንድ ስታካፍለው ቬሎሲቲህ በ3 ይሳሳታል። አክስለሬሽን ስታወጣ ደግሞ ይብሳል። በየ10 ሰከንዱ ስሎፕ ውሰድ። ያው 3 ሜትር ለ10 ሲካፈል ስህተቱ 0.3 ብቻ ይሆናል።

የምህንድስና ተማሪ፦ በ10 ካደረግሁት ግን ጀልባዋ መቀነስ የጀመረችበት ቅጽበት ይጠፋብኛል። መነሻዋም 20 ሰከንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ይተርፈኛል።

ከዘጌ፦ 5 አድርገው። ማዕበል ካለ ደግሞ 5ም አይበቃህም፣ ጀልባዋ ራሷ ትወዛወዛለች።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ስታሰፋው ስህተቱ ይቀንሳል፣ ለውጡም ይደበዝዛል። ለሁሉም ጉዞ የሚሆን አንድ ቁጥር የለኝም። በ5ም በ10ም ሥራውና አንድ ወረቀት ላይ ደራርበህ ሳላቸው። በሁለቱም ላይ የሚታይ ለውጥ የጀልባዋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በ5 ብቻ የሚታየውን ጠርጥረው።

የምህንድስና ተማሪ፦ ነገ ጠዋት እንደገና እወጣለሁ። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ አለ።

ከዘጌ፦ በጠዋት ውጣ፣ ነፋሱ ሳይነሳ።