ኢንዲፐንደንት ሲባል ለምን ትደምራላችሁ? የፕሮባቢሊቲ ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ ቲቸር፣ A እና B ኢንዲፐንደንት ናቸው። P(A) = 0.5፣ P(A∪B) = 0.8። P(B) ስንት ነው? ምርጫዎቹ 0.3፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.7 ናቸው። 0.3 ብዬ ተሳሳትኩ።

መምህር፦ ከ0.8 ላይ 0.5 ቀንሰሽ ነው ያገኘሽው። ያ የሚሠራው ሁለቱ አብረው መከሰት በማይችሉበት ጊዜ፣ ማለትም ሚውቹዋሊ ኤክስክሉሲቭ ሲሆኑ ብቻ ነው። ኢንዲፐንደንት የሆኑት ግን አብረው ሊከሰቱ ይችላሉ። የጋራቸው ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው፤ እሱን ቀንሺ። P(B)ን x በይው።

```
0.8 = 0.5 + x - 0.5x
0.3 = 0.5x
x = 0.6
```

ፈታኙ 0.3ን አውቆ ነው ያስቀመጠው። 0.4ም እንዲሁ ወጥመድ ነው፤ B ያለመከሰቱ ዕድል ነውና፣ ከ1 ላይ መቀነሱን የረሳ ተማሪ እሱን ያጠቁራል።

ሌላ ተማሪ፦ ቬን ዲያግራም ላይ ኢንዲፐንደንት ማለት ክቦቹ የማይነካኩ አይደለም እንዴ? «አይገናኙም» ተብለን ነው የተማርነው።

መምህር፦ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው። ክቦቹ ካልተነካኩ፣ A መከሰቱን ስትሰማ B እንደቀረ ወዲያው ታውቃለህ። ታዲያ ይህ ምኑን ኢንዲፐንደንት ሆነ? ዳይስ ወርውር። «ተጋማሽ ቁጥር» 2፣ 4፣ 6 ነው። «ከ4 የሚበልጥ» 5 እና 6 ነው። የጋራቸው 6 ብቻ፣ ማለትም 1/6። 1/2 በ1/3 ብታባዛም 1/6። ክቦቹ ተነካክተዋል፣ ግን ኢንዲፐንደንት ናቸው። አሁን «ከ3 የሚበልጥ» በለው። የጋራቸው 4 እና 6፣ ማለትም 1/3 ይሆናል፤ ብዜቱ ግን 1/4 ነው። አሁንም ይነካካሉ፣ ኢንዲፐንደንት ግን አይደሉም። ሥዕሉን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ አባዝተህ አስተያይ።

ሦስተኛ፦ እኔ ደግሞ ከከረጢት ሁለት ኳስ ሳልመልስ ሳወጣ ኢንዲፐንደንት አይደሉም። ስለዚህ ሚውቹዋሊ ኤክስክሉሲቭ ናቸው።

አራተኛ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ትክክል ነው። ግን ሁለት ቀይ ካለ መጀመሪያም ቀይ፣ ቀጥሎም ቀይ ሊወጣልህ ይችላል። አብረው ተከሰቱ ማለት ነው።

መምህር፦ እሱ ያለው ነው። ሁለቱንም ያልሆነ ብዙ አለ።

አራተኛ፦ ሁለቱንም የሆነስ የለም?

መምህር፦ የአንዱ ዕድል ዜሮ ከሆነ አለ። ከዚያ ውጭ የለም።

አምስተኛ፦ ዘንድሮ ከፕሮባቢሊቲ ስንት ጥያቄ ይወጣል?

መምህር፦ አላውቅም።

ስድስተኛ፦ ስለዚህ ኢንዲፐንደንት ሲሆን እንደምራለን ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም! ከላይ ሠርቼዋለሁ፣ አንብበው። ደምራችሁ የጋራውን ቀንሱ። ድምሩ ከ1 ቢበልጥ ኖሮ ራሳችሁ ትነቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ፈታኙ ትንንሽ ቁጥር የሚሰጣችሁ።

ሰባተኛ፦ እኛ ክፍል የመጣው «ቡና የሚወድ 0.4፣ ሻይ የሚወድ 0.5፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም የሚወድስ?» ይላል። መልሱ 0.9 ተባለ።

አራተኛ፦ 0.7 ነው፣ አባዝታችሁ ቀንሱ።

መምህር፦ ቆይ፣ ኢንዲፐንደንት ናቸው የሚል አለ? ከሌለ 0.7ም አይባልም፤ ከ0.5 እስከ 0.9 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን ሙሉውን ላኪው።

ሰባተኛ፦ ወረቀቱን ሰብስበውታል።